ምልክቱ በማይታወቅ ታህት ማባዛት

ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጥያቄ ስጡት፦

(x + 3)/(x − 1) ≥ 2

ብዙዎቹ በመስቀለኛ ያባዙና x + 3 ≥ 2x − 2 ይላሉ። ከዚያ x ≤ 5 ብለው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። አሠራሩ ንጹሕ ይመስላል፤ በ3 ቢፈተሽም 6/2 = 3 ስለሚሆን ያልፋል። ሆኖም 0 ከ5 ያንሳልና በዚህ መልስ ውስጥ አለ። በጥያቄው ላይ ሲተካ ግን የሚገኘው 3/(−1)፣ ማለትም −3 ነው። −3 ደግሞ ከ2 አይበልጥም።

ጥፋቱ የተሠራው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ነው። 2 ከ3 ያንሳል፤ ሁለቱን በ−1 ብናባዛቸው ግን −2 ከ−3 ይበልጣል። ያለእኩልነት በኔጌቲቭ ቁጥር ሲባዛ ምልክቱ ይገለበጣል። እዚህ ያባዛነው በx − 1 ነው፤ እሱ ደግሞ x ከ1 ሲበልጥ ፖዘቲቭ፣ ሲያንስ ኔጌቲቭ ነው። x ገና ሳይታወቅ በመስቀለኛ ያባዛ ሰው፣ ሳያስበው ታህቱን ፖዘቲቭ አድርጎታል። በእኩልነት ላይ ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ታህቱ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ የ«=» ምልክት የሚገለበጥበት አቅጣጫ የለውም። ልማዱም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ስህተቱ ሁልጊዜ ትርፍ መልስ በመጨመር ብቻ አይገለጽም። 1/x < 1 የሚለውን በx አባዝቶ x > 1 ያለ ሰው ኔጌቲቭ ቁጥሮችን በሙሉ ጥሏል፤ −1/2 ከ1 እንደሚያንስ ግን ግልጽ ነው።

የምልክት ሠንጠረዥ ከዚህ ወጥመድ የሚያድነን ጨርሶ ስለማያባዛ ነው። መጀመሪያ 2ን ወደ ግራ አምጥተን አንድ ክፍልፋይ እናደርገዋለን፦

(5 − x)/(x − 1) ≥ 0

አሁን የሚጠየቀው የክፍልፋዩ ምልክት ብቻ ነው። ላዕሉ በ5፣ ታህቱ በ1 ዜሮ ስለሚሆን የቁጥር መስመሩን በእነዚህ ሁለት ነጥቦች እንከፍለዋለን።

```
            x<1    1<x<5    x>5
5 − x        +       +       −
x − 1        −       +       +
ክፍልፋዩ       −       +       −
```

ፖዘቲቭ የሆነው መካከለኛው ክፍል ብቻ ነው። 5 ላይ ክፍልፋዩ ዜሮ ስለሚሆንና ዜሮም ስለተፈቀደ 5 ይካተታል። 1 ግን ታህቱን ዜሮ ስለሚያደርግ፣ «≥» ቢጻፍም ባይጻፍም መልስ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መልሱ 1 < x ≤ 5 ነው። የመጀመሪያው ተማሪ 5ን በትክክል አግኝቶ ነበር፤ ያመለጠው 1 ላይ ያለው ወሰን ነው።

አንዳንዶች ሠንጠረዡን ሳይሞሉ ከአንድ ጫፍ ጀምረው ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ እያሉ ይደረድራሉ። ይህ አቋራጭ (x − 4)/(x − 1)² ላይ ሲደርስ ያሳስታል። ታህቱ በካሬ ስላለ ከ1 በስተግራም በስተቀኝም ፖዘቲቭ ነው፤ ክፍልፋዩም በሁለቱም በኩል ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆያል፣ ምልክቱን የሚቀይረው 4 ላይ ብቻ ነው።