የበርጩማው ሦስት እግሮች ምን ይናገራሉ?

ቤተ መዘክር የሚጎበኝ ሰው ከአንድ ዕቃ ፊት ብዙ አይቆይም። ዐይኑን መጀመሪያ ወደ ዕቃው ይጥላል፤ ቀጥሎ ከሥሩ የተለጠፈችውን የመግለጫ ካርድ ያነባል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቤቱ ሲገባ የዕቃው መልክ ከአእምሮው ሲደበዝዝ የካርዷ ቃል ግን ይቀራል። ካርዷ የተሳሳተች እንደ ሆነ ተማሪው ስሕተቷን ወደ ደብተሩ ይገለብጣታል፤ ከደብተሩም ወደ ድርሰቱ ታልፋለች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «የአባቶች ትውፊት» ተብላ ትጠቀሳለች።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ለአንድ ዐውደ ርእይ የሚሆን ፎቶግራፍ ቀረበ እንበል። በጥቁርና ነጭ የተነሣ ሲሆን ከእንጨት የተጠረበ፣ ክብ መቀመጫና ሦስት እግር ያለው በርጩማ ያሳያል። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈው «በርጩማ፣ መንዝ» የሚል ብቻ ነው። መግለጫውን እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ወጣት ጸሐፊ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «ሦስቱ እግሮች የሥላሴ ምሳሌ ናቸው፤ በርጩማው የሥልጣን ምልክት ነው» ብሎ ጻፈ። ቃሉ ያማረ ነው። ነገር ግን ይህን የነገረው ማን ነው? ፎቶግራፉ አልተናገረም፤ በበርጩማው ላይ የተቀመጠ ሰውም አልተጠየቀም። ጸሐፊው ወርቁን ከሰሙ ውስጥ አላወጣም፤ ራሱ አምጥቶ ጨመረበት እንጂ።

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው?

እንጨቱን ማንበብ

መጀመሪያ የሚጠየቀው በርጩማው ምን እንደሚያመለክት ሳይሆን እንዴት እንደተሠራ ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው ወይስ እግሮቹ ተለይተው ተሠርተው የተተከሉ? እግሮቹ የተተከሉ ከሆነ ብዙ ጊዜ በመቀመጫው ላይ የቀዳዳው ክብ ይታያል፤ አንዳንዴም እግሩን ለማጥበቅ የተመታው ሽብልቅ አብሮ ይታያል። ከአንድ ግንድ የወጣ ከሆነ ግን መጋጠሚያ የለውም፤ በእንጨቱ ውስጥ እንደ ክር የሚሄዱት ጅማቶች ሳይቋረጡ ከመቀመጫው ወደ እግሩ ያልፋሉ።

ጅማቶቹ የሚሄዱበት አቅጣጫም ብዙ ነገር ይገልጣል። በመቀመጫው ላይ እንደ ዛፍ ጉቶ ክብ ቀለበቶች ከታዩ ጠራቢው ግንዱን አቁሞ ነው የጠረበው። እንዲህ ሲሆን ጅማቱ በእግሩ ርዝመት ስለሚወርድ እግሩ ጠንካራ ይሆናል፤ መቀመጫው ግን እንጨቱ ሲደርቅ ከመካከል ወደ ዳር ሊሰነጠቅ ይችላል። ጅማቱ በመቀመጫው ላይ ተጋድሞ ከታየ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መቀመጫው ይጸናል፣ እግሩ ግን በአጭሩ ለመሰበር ቅርብ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ መቀመጫ ወይም የተሰበረ እግር ሁልጊዜ የአያያዝ ጉድለት ነው አይባልም። ስንጥቁ በጠፍር ወይም በብረት ተጠግኖ ከተገኘ ባለቤቱ ሊጥለው እንዳልፈለገ ያስረዳልና በካርዷ ላይ መጻፍ ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚታየው የአገልግሎቱ ምልክት ነው። ሰው ዓመታት የተቀመጠበት በርጩማ መካከሉ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል፤ የእግሮቹ ጫፍ በአፈር ወለል ላይ ሲጎተት ይዶለዱማል፤ ከምድጃ አጠገብ የኖረ ከሆነ ጥላሸቱ ከጎኑና ከሥሩ እኩል ሳይሆን ይይዘዋል። ለገበያ በቅርብ ጊዜ ተሠርቶ እንዲያረጅ ቀለም የተቀባ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንድ ዐይነት ይጠቁራል፤ የእግሮቹም ጠርዝ ስለታም እንደሆነ ይቀራል።

ፎቶግራፍ የማይናገረውም አለ። ከጎኑ ማስመሪያ ካልተቀመጠ መጠኑ አይታወቅም፤ የሕፃን በርጩማና የአዋቂ በርጩማ በሥዕል ላይ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። በጥቁርና ነጭ ሥዕል የእንጨቱን ዐይነት መለየትም አይቻልም። ለዚህ ዕቃውን ራሱን ማንሣት፣ ክብደቱንና ጠረኑን ማወቅ፣ እርግጡን ለማወቅም ጥቂት ስንጣሪ በአጉሊ መነጽር መመርመር ያስፈልጋል። «ወይራ» ብሎ በግምት ከመጻፍ «እንጨት» ብሎ መተው ይሻላል።

መንዝ የተገኘ ሁሉ መንዝ የተሠራ ነውን?

ከሥዕሉ ጀርባ ያለው «መንዝ» የሚለው ቃልም ጥያቄ ያስነሣል። የመንዝ ደጋ ብዙው ክፍል 3000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው፣ ብርድ የበዛበት፣ ሣርና በግ እንጂ ትልልቅ ዛፍ የማይበዛበት አገር ነው። ወፍራም ግንድ ያላቸው የጥንት ጽዶች በብዛት የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ እነዚያን ደግሞ ማንም ተነሥቶ ለበርጩማ አይቆርጣቸውም። ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ ከአንድ ግንድ ለማውጣት ከዚያ የሚሰፋ ግንድ ያስፈልጋል።

ለመጥረብ የሚመቸው ዋንዛ በአብዛኛው ከ2500 ሜትር በታች የሚበቅል ዛፍ ነው። መርሐ ቤቴ ወደ ጀማ ወንዝ ቆላ ስለሚወርድ እንዲህ ያለው ዛፍ ይስማማዋል። እንግዲህ የመንዙ በርጩማ ዋንዛ ሆኖ ከተገኘ እንጨቱ፣ ምናልባትም በርጩማው ራሱ፣ ከዝቅተኛው አገር በገበያ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ካርድ «የተገኘበት» እና «የተሠራበት» የሚሉትን ለይታ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ሲታወቅ ሁለተኛው ካልታወቀ ቦታው ባዶ ይተዋል። ይህ ጥንቃቄ ከሌለ የመርሐ ቤቴው ጠራቢ ሥራ ለመንዝ ይሰጣል፤ ስሙ ያልተጻፈው ሰው አገሩንም ጭምር ያጣል።

ሦስት እግር ለምን?

አሁን ወደ ሥላሴ ምሳሌነት እንመለስ። በጭቃ የተመረገ የቤት ወለል ልክ እንደ ጠረጴዛ ደልዳላ አይደለም። አራት እግር ያለው መቀመጫ በእንዲህ ያለ ወለል ላይ ብዙ ጊዜ አንድ እግሩ ይንጠለጠልና ይወዛወዛል። ሦስት እግር ያለው ግን ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስቱም መሬት ይነካሉ፤ ጉልቻ ሦስት የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። በአንጻሩ የተቀመጠው ሰው ክብደቱን በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ዳር ካዘነበለ ሦስት እግር ያለው ቶሎ ይገለበጣል። ጠራቢው እግሮቹን ወደ ውጭ ዘርጋ አድርጎ የሚሠራቸው ይህን ለመከላከል ነው።

ይህ ማለት ሦስቱን እግር በሥላሴ የሚመስል ሰው የለም ማለት አይደለም። አንድ ቄስ ወይም አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው ያስተምሩ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትርጓሜው የእርሳቸው ነውና ማን፣ የትና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተናገረው ተመዝግቦ «እንዲህ ይላሉ» ተብሎ ይጻፋል። የሰው ትርጓሜና የጠራቢው ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲደባለቁ ነው ካርዷ የምትዋሸው።

ክብሩ ከማን ነው?

በርጩማ ምልክትነት የለውም ወይ? አለው፤ ነገር ግን የሚገኘው በቅርጹ ላይ ሳይሆን ሰው በተነሣበትና በተቀመጠበት ጊዜ ነው። በደጋው አገር ቤት ውስጥ የክብር መቀመጫ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ጋር የተሠራው መደብ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አጎዛ ይነጠፍበታል። በርጩማው ከምድጃው አጠገብ ሆኖ የቤቱ ሥራ የሚሠራበት መቀመጫ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ሲገባ ግን የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ እርሳቸውም «በእግዜር!» ብለው ይመልሳሉ። በዚያች ቅጽበት የተለቀቀው መቀመጫ፣ መደብም ይሁን በርጩማ፣ የዕድሜና የማዕረግ መለኪያ ይሆናል። ሰው ሲነሣለት ያከብራል፤ ሰው ሳይነሣለት ተራ እንጨት ነው።

ቋንቋችንም መቀመጫን ከሥልጣን ጋር ያያይዛል። በቀድሞው ሥርዐት ዳኞች «ወንበሮች» ይባሉ ነበር፤ መምህር ሲያስተምር «ወንበር ዘረጋ» ይባላል፤ ዘውድ የሚወርሰው «አልጋ ወራሽ» ነበር። ነገር ግን እነዚህ ቃላት የተነገሩት ለወንበርና ለአልጋ ነው። የዳኛውን ወንበር ክብር አንሥቶ ለምድጃ ዳር በርጩማ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የሌላ አገርን ትርጉም መዋስ ነው። በጋና የአሻንቲ ሕዝብ የወርቅ በርጩማ የሕዝቡ ነፍስ ማደሪያ ተብሎ ስለሚታመን ንጉሡ እንኳ አይቀመጥበትም። እ.ኤ.አ. በ1900 የእንግሊዙ አገረ ገዥ ሆጅሰን በርጩማው ይምጣልኝ፣ ልቀመጥበት በማለቱ ጦርነት ተነሣ። ታሪኩ እውነተኛና ታላቅ ነው፤ ግን የአሻንቲ ነው። «በአፍሪካ በርጩማ የሥልጣን ምልክት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በመንዝ በርጩማ ሥር ሲለጠፍ አሻንቲንም መንዝንም ይበድላል።

ካርዷ

በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ቅደም ተከተል አዘጋጅቶ ለሕዝብ አሳይቷል። የዚህ አቀራረብ ጥቅም ተመልካቹ «ይህ ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሰው በየትኛው ዕድሜው፣ ለምን ያዘው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረጉ ነው። የእኛም ጸሐፊ ይህንኑ ጠይቆ፣ በርጩማውን ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጥቶ ለካው፣ አገላብጦም አየው እንበል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሰርዞ የጻፈው እንዲህ ይሆናል፦

«በርጩማ። እንጨት፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ። ቁመት 28 ሳንቲ ሜትር፣ የመቀመጫው ስፋት 34 ሳንቲ ሜትር። የተገኘበት፦ መንዝ። የተሠራበትና የሠራው፦ አልተመዘገበም። ሦስቱ እግሮች ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ ሳይወዛወዝ እንዲቆም ያደርጉታል። መካከሉ በመቀመጥ ብዛት ለስልሷል፤ አንድ ጎኑ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ስንጥቁ በጠፍር ተጠግኗል። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ‹ኖር› ብሎ ይነሣል።»

ከዚህ ውስጥ እያንዳንዱን ቃል ተመልካቹ ቀና ብሎ ከዕቃው ጋር ሊያስተያየው ይችላል። የሥላሴው ትርጓሜ ወጥቷል፤ አንድ ቀን ከመንዝ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት መጥተው በራሳቸው አፍ ከነገሩን በስማቸው ይመለሳል። እስከዚያው ድረስ ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራልና ካርዷ ግድግዳው ላይ ከመሰቀሏ በፊት እንመርምራት።