ሲቪውን የሚያስከፍተው ኢሜይል

ለሂሳብ ሥራ የሚያመለክት ሰው ሲቪውን አባሪ አድርጎ ሲልክ በኢሜይሉ ላይ የሚጽፋቸው ጥቂት መስመሮች ከሲቪው ቀድመው ይነበባሉ። አንባቢው ብዙውን ጊዜ የሰው ኃይል ባለሙያ ወይም የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ነው። ለአንድ ክፍት ቦታ የሚመጣው ማመልከቻ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ የሚወስነው ነገር አባሪውን መክፈት አለመክፈቱን ነው። ወደ ኃላፊው የሚደርሰው ኢሜይል ደግሞ ሌላም መልእክት አለው። ሂሳብ ሠራተኛ የሚቀጠረው ቁጥርና ቀን እንዳያሳስት ነው፤ በራሱ ማመልከቻ ላይ ያሳሳተ ሰው በድርጅቱ መዝገብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አያዳግትም።

ኢሜይሉ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚታየው የላኪው አድራሻና ርዕሱ ነው። ብዙ አመልካቾች ርዕሱን ባዶ ይተዉታል፣ ወይም «ሲቪ» ብለው ያልፉታል። አንድ ድርጅት በአንድ ማስታወቂያ ገንዘብ ያዥ፣ የስቶር ሠራተኛና አካውንታንት ሊፈልግ ስለሚችል እንዲህ ያለው ርዕስ ኢሜይሉ ለየትኛው ቦታ እንደመጣ አይናገርም። የሥራ መደቡ በማስታወቂያው ላይ በተጻፈበት ስም፣ ከዚያም የአመልካቹ ስም ከነአባቱ ቢጻፍ ይበቃል፤ ማስታወቂያው የመደብ ቁጥር ካለው እሱም ይጨመራል። አድራሻውም ቢሆን በጨዋታ ስም የተከፈተ ባይሆን ይሻላል። አሁን በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ኢሜይል ሌላ ሥራ ማመልከት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ የአሠሪን ንብረት ለግል ጉዳይ የሚጠቀም ሰው ካዝና ሊረከብ ነው ማለት ነው።

የአክብሮት አጠራሩ በአገራችን የራሱ ወግ አለው። አቶ ወይም ወይዘሮ የሚቀድመው የሰውየውን የራሱን ስም ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አመልካቾች ግን የውጭ አገር ናሙና ሲገለብጡ የአባቱን ስም ብቻ ወስደው ኃላፊውን በአባቱ ይጠሩታል። ስሙ በእርግጠኝነት ካልታወቀ «ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ» ወይም «ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል» ማለት ምንም ነውር የለበትም። ቋንቋው የማስታወቂያውን ይከተላል፤ በአማርኛ ለወጣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ለወጣ በእንግሊዝኛ።

ዋናው ሥራ ያለው በኢሜይሉ ሐተታ ውስጥ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲኒየር አካውንታንት ይፈልጋል እንበል። ማስታወቂያው የሚጠይቀው በአካውንቲንግና ፋይናንስ ዲግሪ፣ የ4 ዓመት ልምድ፣ በፒችትሪ መሥራት መቻልና የወር ግብር ማዘጋጀት ነው። አመልካቿ በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ሠርታለች። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦

«ትጉህ፣ ታማኝና በቡድን መሥራት የምችል ባለሙያ ነኝ። የሥራ ጫናን እቋቋማለሁ። በሂሳብ ሥራ ሰፊ ልምድ ስላለኝ ዕድሉ ቢሰጠኝ ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ አደርጋለሁ።»

እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ነገር ግን ስሙን ለውጦ ጥበቃም ሾፌርም ሊልከው ይችላል። ኃላፊው ማወቅ የሚፈልገው ታማኝነቷን በራሷ አፍ መስማት አይደለም፤ የትኞቹን መዝገቦች እንደያዘች፣ ወሩን ራሷ ትዘጋ እንደነበር ወይም ሰነድ ብቻ ታስገባ እንደነበር ነው። በአካውንታንት ሥራ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቫውቸር የሚመዘግብና የወሩን ትራያል ባላንስ አስታርቆ ለሥራ አስኪያጅ የሚያቀርብ ሰው ሁለቱም በሲቪያቸው ላይ «አካውንታንት» ይባላሉ።

ስለዚህ አመልካቿ የሠራችውን መለስ ብላ ማየት ይኖርባታል። ድርጅቱ በአራት ባንኮች ሂሳብ ነበረው። እሷ ስትገባ የአምስት ወር የባንክ ሂሳብ ሳይታረቅ ተከማችቶ ነበር፤ በአንዱ ባንክ ደብተሩ ከባንኩ መግለጫ በ38,600 ብር በልጦ ተገኘ። ምክንያቱን ስትፈልግ አንድ የ36,000 ብር ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ የቀረው 2,600 ብር ደግሞ ባንኩ የቆረጠው፣ ደብተሩ ላይ ያልወረደ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለቱም የደብተሩን ቀሪ ከእውነተኛው በላይ ስለሚያሳዩ ተደምረው ልዩነቱን ይሞላሉ። አሁን የሚጻፍ ነገር ተገኘ፦

«ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት ለሲኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ አመለክታለሁ። በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ከጥቅምት 2012 እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ለ4 ዓመት ከ10 ወር በሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ።

በዚህ ጊዜ የአራት ባንኮችን ሂሳብ በየወሩ አስታርቅ ነበር። ስገባ የአምስት ወር ውዝፍ ስለነበረ ልዩነቶቹን ከነምክንያታቸው ለይቼ አስተካክያለሁ። የቫት፣ የዊዝሆልዲንግና የደመወዝ ግብር ማስታወቂያ አዘጋጅቼ በወቅቱ አስገብቻለሁ። ምዝገባውም ሆነ የወር መዝጊያው በፒችትሪ ነበር። የዕቃ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ግን ይዤ አላውቅም፤ የምከታተለው የአገር ውስጥ ግዢ ነበር።

ሲቪዬንና የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን አያይዣለሁ። በስልክም በዚሁ ኢሜይልም ልገኝ እችላለሁ።»

ከታች ስሟና ስልኳ ይከተላል፤ ያበቃል። ኃላፊው በስልኩ ላይ ሆኖ ብዙ ሳያንሸራትት ይጨርሰዋል። የ38,600 ብሩ ዝርዝር ኢሜይሉ ውስጥ አልገባም። ቃለ መጠይቅ ላይ «ልዩነቱ ከምን መጣ?» ተብላ ስትጠየቅ ደረጃ በደረጃ ትናገረዋለች፤ ያልሠራ ሰው ሊያጠናው የማይችለው መልስ ያ ነው። የአስመጪ ሂሳብ አለማወቋን መናገሯ አንዳንዱን ሊያስደነግጥ ይችላል። ሆኖም የማስመጣት ወጪ፣ የጉምሩክ ቀረጥና የትራንዚት ክፍያ በዕቃው ዋጋ ላይ እንዴት እንደሚደለደል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ እዚያ ተገኝቶ ከመንተባተብ ቀድሞ መናገር ይሻላል። ደግሞም ማስታወቂያው ይህን ልምድ አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

የቀድሞ አሠሪ ምስጢር ግን ከዚህ ይለያል። ችሎታውን ለማሳየት የድሮ ድርጅቱን የሂሳብ መግለጫ ወይም የሠራተኞች የደመወዝ ሰንጠረዥ የሚያያይዝ አመልካች አለ። ኃላፊው ሰነዱን ሲከፍት የሚያስበው «የእኛንም ነገ ለሌላው ይልካል» ብሎ ነው። የድርጅቱን ዓመታዊ ሽያጭ በኢሜይሉ ውስጥ መጥቀስም ያው ነው። የሥራውን ስፋት ለማሳየት የባንኮች፣ የቅርንጫፎች ወይም በፔይሮሉ ላይ ያሉ ሠራተኞች ብዛት በቂ ነው። «ግብር አስቀንሻለሁ» የሚለውም አገላለጽ አደገኛ ነው፤ በሕጋዊ መንገድም ቢሆን አንባቢው በሌላ ሊተረጉመው ይችላል።

አሁን ወደ ቀኖቹ። በኢሜይሉ፣ በሲቪውና በልምድ ማስረጃው ላይ ያሉት ጊዜያት እንደ ሦስት መዝገቦች መታረቅ አለባቸው። በኢትዮጵያ ዋናው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። የልምድ ማስረጃ ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሲቪ ደግሞ በአውሮፓ። የአመልካቿ የሥራ ዘመን በአውሮፓ ሲሰላ ከጥቅምት 2019 እስከ ነሐሴ 2024 መጀመሪያ ነው። መነሻውን ከማስረጃው፣ መድረሻውን ከሲቪው የወሰደ ሰው «ከ2012 እስከ 2024» ይጽፋል። አምስት ዓመት የማይሞላው ልምድ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። ሰውየው ምንም ክፋት ባይኖረው እንኳ ማስረጃው ሲመሳከር አጭበርባሪ ይመስላል። በአንድ አቆጣጠር ጀምሮ በዚያው መጨረስና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መግለጽ ይህን ያስቀራል። «ወደ አምስት ዓመት» ከማለትም ወሩን ቆጥሮ መጻፍ ለሂሳብ ሰው ይበልጥ ይመጥነዋል።

ደመወዝን በተመለከተ ማስታወቂያው ካልጠየቀ አለማንሳት ይሻላል። የሚፈለገውን ደመወዝ ጥቀሱ ካለ ግን ቁጥሩ ጥቅል ይሁን የተጣራ መገለጽ አለበት። በግል ድርጅት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል፤ የገቢ ግብሩም አለ። ደመወዝ ጠያቂው ፔይሮል እሠራለሁ የሚል ሰው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ካልለየ አያምርበትም።

አባሪው ላይ የሚደርሰው ስህተት ከሁሉ የተለመደው ነው፤ «አያይዣለሁ» ይልና ምንም አይያያዝም። ይህን ለማስቀረት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይረዳል፦ መጀመሪያ ፋይሉን ማያያዝ፣ ቀጥሎ መጻፍ፣ የተቀባዩን አድራሻ በመጨረሻ ማስገባት። አድራሻ የሌለው ኢሜይል በስህተት ቢነካም አይሄድም። ሲቪው በፒዲኤፍ ቢላክ በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ቅርጹ አይበላሽም። የፋይሉም ስም ከአመልካቹ ጋር ይሂድ፤ `CV_final_new2.pdf` የሚባል ፋይል ኃላፊው ካወረደው በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በስልክ የተነሱ የዲግሪና የማስረጃ ፎቶዎች ተደምረው በጣም ሊከብዱ ይችላሉ። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነውን አያያይዝም፤ ወደ ድራይቭ ሊንክ ይቀይረዋል፤ ፈቃድ ካልተሰጠበት ደግሞ ተቀባዩ ሊከፍተው አይችልም። ሰነዶቹን ስካን አድርጎ በአንድ ፒዲኤፍ ማጠቃለል ችግሩን ይፈታል።

በአንድ ኢሜይል ለብዙ ድርጅት የሚልኩም አሉ። የሁሉም አድራሻ ከላይ ተደርድሮ ይታያል፤ እያንዳንዱ ተቀባይም ከብዙዎቹ አንዱ መሆኑን ያውቃል። ከዚህ የሚብሰው ያለፈውን ኢሜይል ገልብጦ የሌላውን ድርጅት ስም ሳይቀይሩ መላክ ነው። ስህተቱ ከተላከ በኋላ ከታወቀ ወዲያው በዚያው ኢሜይል ላይ አጭር እርማት መላክ ይቻላል። የቀረው አባሪ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ «ሲቪው ሳይያያዝ ቀርቷል፤ አሁን ልኬዋለሁ» ብሎ ማለፍ ይበቃል፣ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም።

የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ ከአንድ ሳምንት በኋላ መልስ ካልመጣ በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ ሰጥቶ አንድ ጊዜ መጠየቅ ነውር አይደለም። አዲስ ኢሜይል ከተከፈተ ኃላፊው የድሮውን ማመልከቻ መፈለግ ሊኖርበት ነው፤ በዚያው ከቀጠለ ግን ሲቪው ከሥሩ አብሮ ይወጣል። ማስታወቂያው «ለቃለ መጠይቅ የተመረጡት ብቻ ይጠራሉ» ካለ ግን መጠየቁም ይቅር።