አንድ የተጣመመ ፊት፣ አራት ታሪክ

ከአንጎል ተነስተው በራስ ቅል ቀዳዳዎች የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። ማሽተት፣ ማየት፣ ማኘክ፣ መስማት፣ መዋጥ ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። የሕክምና ተማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስማቸውን ከነቁጥራቸው ይሸመድዳል፤ የየአንዳንዱን ሥራ በሠንጠረዥ ያጠናል፤ ፈተናውንም ያልፋል። ችግሩ የሚመጣው ሕሙማን ክፍል ሲገባ ነው። ታካሚ "ሰባተኛው ነርቬ ተጎዳ" ብሎ አይመጣም፤ "ስጉመጠመጥ ውሃው ባንድ በኩል ይፈስሰኛል" ብሎ ነው የሚመጣው። ሠንጠረዡ ከነርቩ ወደ ምልክቱ ይሄዳል፣ ሐኪሙ ግን የሚሄደው በተቃራኒው ነው።

አንዳንድ መምህራን ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዐሥር መስመር የማይበልጥ የታካሚ ታሪክ ነው። ታሪኩ ላይ የነርቩ ስም አይጻፍም። ተማሪው አንብቦ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ምን ጠፋ? ምን ደህና ቀረ? ሁለቱንም የሚያስረዳው ቦታ የቱ ነው? ለዚህ የፊት ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሰውን ሰባተኛውን ነርቭ የሚያህል ምሳሌ የለም።

የመጀመሪያው ታሪክ ይህ ነው። የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ ናቸው። ትናንት ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ ሲያማቸው ዋለ። ዛሬ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ሲጉመጠመጡ ውሃው በቀኝ ከንፈራቸው ጥግ ወረደ። መስተዋት ሲያዩ አፋቸው ወደ ግራ ተጎትቷል፣ ቀኝ ዓይናቸው አልከደን ብሏል። ጎረቤት "ነፋስ መትቶዎት ነው" አለቻቸው። ቁርስ ላይ ምግቡ ጣዕም አልሰጣቸው አለ፤ ሬዲዮ ሲከፈት ደግሞ ድምፁ በቀኝ ጆሯቸው እየጮኸ አስቸገራቸው። እጅና እግራቸው ደህና ነው፣ ንግግራቸውም ይሰማል።

ተማሪው የሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ነገር ቀላል ነው፦ "እስቲ ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ።" የግራ ግንባራቸው ይሸበሸባል፣ የቀኙ ለጥ እንዳለ ይቀራል። ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ሲጠየቁ የቀኙ ሽፋሽፍት ሳይገጥም ብሌኑ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ነጩ ብቻ ይታያል። ይህን የዓይን መገልበጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል ነው፤ በሽታውም እስከዛሬ ቤልስ ፓልሲ ይባላል።

አሁን ጣዕሙና ሬዲዮው ምን አገናኛቸው? ተማሪው የነርቩን መንገድ መከተል አለበት። ነርቩ ከአንጎል ግንድ ወጥቶ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፋል፤ ተሳፋሪ እያወረደ እንደሚሄድ ታክሲ በየቦታው ቅርንጫፍ ይጥላል። መጀመሪያ እንባ ወደሚያመነጨው እጢ፣ ቀጥሎ በመሀል ጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅን ወደሚያለዝበው ትንሽ ጡንቻ፣ ቀጥሎ ከፊተኛው ሁለት ሦስተኛ የምላስ ክፍል ጣዕም ወደሚያመጣው ቅርንጫፍ፤ በመጨረሻ ከአጥንቱ ወጥቶ በጆሮ ደግፍ ጊዜ የሚያብጠውን እጢ ሰንጥቆ ፊት ላይ ይበተናል። የሴትየዋ ድምፅም ጣዕምም ተነክቷል። ስለዚህ ጉዳቱ ከሁለቱ ቅርንጫፎች በፊት፣ አጥንቱ ውስጥ ነው። ነርቩ እዚያ ሲያብጥ ቦዩ አይለጠጥለትም፣ ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊያስጠነቅቅ የሚገባው ነገር አለ። ዓይናቸው እንባ ቢያፈስ "የእንባው ቅርንጫፍ ደህና ነው" ማለት አይደለም፤ የታችኛው ሽፋሽፍት ስለላላ እንባው ወደ አፍንጫ መውረጃ አጥቶ ጉንጭ ላይ ይፈስሳል። እውነተኛ ታካሚ ላይ ደግሞ እብጠቱ ነርቩን እኩል ስለማይነካ ቅርንጫፍ ቆጥሮ ቦታውን በልክ ማግኘት ሁልጊዜ አይቻልም። ታሪኩ መንገዱን ለማስታወስ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው ጋር ሊምታታ እስኪችል ድረስ ይመሳሰላል። የ66 ዓመት አዛውንት፣ የደም ግፊት አለባቸው። የቀኝ አፋቸው ድንገት ወደቀ። ቡናቸውን ሲያነሱም ስኒው ከቀኝ እጃቸው አመለጠ። ቅንድባቸውን ሲያነሱ ግን ሁለቱም ግንባር እኩል ይሸበሸባል። ያ ሽብሽብታ ሁሉን ይለውጣል። ግንባርን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ትእዛዝ የሚያገኘው ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ነው፤ የታችኛው ፊት ግን በአብዛኛው ከተቃራኒው ወገን ብቻ። የግራ አንጎል ሲጎዳ ቀኝ አፍ ይወድቃል፣ ግንባሩን ቀኙ አንጎል ይታደገዋል። ይህ ስትሮክ ነው። ቤተሰብ "ይረፉና ነገ እንወስዳቸዋለን" የሚልበት ጊዜ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባቸው።

ሁለቱን ያነበበ ተማሪ ቶሎ አንድ ደንብ ይይዛል፦ ግንባር ከዳነ አንጎል፣ ግንባር ካልዳነ ነርቭ። ሦስተኛውን ታሪክ የምወደው ይህን ደንብ ስለሚፈትነው ነው። አንድ ጎልማሳ የቀኝ ፊቱ ከግንባር እስከ አገጭ አይንቀሳቀስም። ቤልስ ፓልሲ ይመስላል። ነገር ግን "አንዱን ሁለት ሆኖ አያለሁ" ይላል፤ ወደ ቀኝ እንዲያይ ሲጠየቅ ቀኝ ዓይኑ መሀል ላይ ይቀራል፤ የግራ እጁና እግሩም ዝለዋል። ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ስድስተኛው ነርቭ የሚነሳበት ቦታ የአንጎል ግንድ ውስጥ ነው፣ የሰባተኛው ክሮች ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት በዙሪያው ይጠመዘዛሉ። ወደ እጅና እግር የሚወርደው መስመር በአጠገባቸው ያልፋል፤ ወደ ተቃራኒው ወገን የሚሻገረው ግን ከዚያ በታች ነው። ለዚህ ነው ፊቱ በቀኝ፣ እጁ በግራ የሆነው። በዝርዝር ስድስት ከሰባት ጋር የሚጎራበተው በቁጥር ብቻ ነው፤ ይህን ታሪክ ያነበበ ግን አብረው ለምን እንደሚጎዱ ያውቃል።

አራተኛው አጭር ነው። እንደ ልብስ ሰፊዋ ሆኖ የጆሮ ሕመሙ እጅግ የበረታ፣ ጆሮው ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ቁስሎች የወጡበት፣ መስማት ያነሰው፣ ዙሪያው የሚዞርበት ሰው። ጥፋተኛው የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ነው፤ መስማትና ሚዛን የሚጠብቀው ስምንተኛው ነርቭም በአንድ በር ከሰባተኛው ጋር ወደ አጥንቱ ስለሚገባ አብሮ ይነካል። ጆሮ ውስጥ ያላየ ሐኪም የቫይረሱን መድኃኒት ሳያዝለት ይመልሰዋል።

ዘዴው የራሱ ወጥመድ አለው። ተማሪው ምልክቱን ከሰውየው ጋር ሊያጣብቅ ይችላል፤ ቤልስ ፓልሲ የመካከለኛ ዕድሜ ሴት፣ ስትሮክ የአዛውንት በሽታ ይመስለዋል። ስለዚህ ግንባሩ የሚሸበሸበውን ታሪክ ለ35 ዓመት ሴት፣ የማይሸበሸበውን ለ70 ዓመት ሰው እየቀያየሩ ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። የነርቮቹን ስምና ቁጥር መሸምደድም አይቀርም።

የልብስ ሰፊዋ ታሪክ ምርመራው ላይ እንዳያበቃ እመክራለሁ። ፕሬድኒሶሎን የሚጠቅማቸው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እስኪሻላቸው የማይከደነው ዓይን እንዳይደርቅና እንዳይቆስል ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባትና በፕላስተር መዝጋት ያስፈልገዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል። ስለዚህ የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ከ3 ወር በኋላ ሲመለሱ ይጀምራል፦ ቀኝ ፊታቸው ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ሽባነቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ከመጣ፣ ቤልስ ፓልሲ የሚለው ይሰረዝና ነርቩን የሚጫን ዕጢ በጆሮ አጥንቱ ውስጥና ጆሮ ሥር ባለው እጢ ላይ ይፈለጋል።