የኦፕሽን ዋጋ ለምን ሁለት ክፍል ይኖረዋል?

ኮል ኦፕሽን አንድን አክሲዮን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። የገዛው ሰው ካላዋጣው ይተወዋል፤ የሸጠው ግን ሲጠየቅ አክሲዮኑን በውሉ ዋጋ ማስረከብ አለበት። ገዢው ለዚህ መብት የሚከፍለው ገንዘብ ፕሪሚየም ይባላል። ነገሩ ለቤት ወይም ለመኪና ከሚሰጥ ቀብድ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ግዢው ሲፈጸም ቀብድ ከዋጋው ላይ ይታሰባል፣ ፕሪሚየም ግን አይታሰብም።

በአሜሪካ ገበያ አንድ የኦፕሽን ውል አብዛኛውን ጊዜ 100 አክሲዮኖችን ይይዛል፤ ዋጋው የሚነገረው ግን በአንድ አክሲዮን ሒሳብ ነው። አንድ አክሲዮን ዛሬ 105 ዶላር ያወጣል እንበል። ይህንኑ አክሲዮን በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ውስጥ በፈለጉት ቀን በ100 ዶላር ለመግዛት የሚያስችለው ኮል ኦፕሽን በ9 ዶላር ይሸጣል፤ ሙሉው ውል 900 ዶላር ማለት ነው። ከ9 ዶላሩ ውስጥ 5ቱ ከየት እንደመጣ ለማየት አያስቸግርም፤ 105 የሚያወጣን ነገር በ100 መውሰድ የ5 ዶላር ጥቅም አለው። ይህ ውስጣዊ ዋጋ ይባላል። የተረፈው 4 ዶላር ደግሞ የጊዜ ዋጋ ነው። አክሲዮኑ 97 ዶላር ቢሆን ኖሮ ውስጣዊ ዋጋው ዜሮ ይሆን ነበር እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ገበያ ላይ በ97 የሚገኘውን በ100 ግዛ ብሎ የሚያስገድድ የለምና። ያኔ ፕሪሚየሙ ትንሽም ሆነ ብዙ፣ በሙሉ የጊዜ ዋጋ ነው።

ክፍፍሉ ለአመዘጋገብ ምቾት ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሁለቱን ክፍሎች የሚወስኗቸው ነገሮች ይለያያሉ። ውስጣዊውን ዋጋ የሚጠብቀው የነጋዴዎች ንቃት ነው። ያ ኦፕሽን በ9 ሳይሆን በ3 ዶላር ቢሸጥ፣ አንድ ነጋዴ በ3 ገዝቶ መብቱን ወዲያው ይጠቀምና አክሲዮኑን በ100 ወስዶ በ105 ይሸጠዋል። 103 አውጥቶ 105 ያገኛል። እንዲህ ያለ ሥጋት የሌለበት ትርፍ ሲገኝ ሁሉም ስለሚሻማበት፣ የኦፕሽኑ ዋጋ ቢያንስ 5 እስኪደርስ ድረስ ይገፋል።

ዋጋው 5 ላይ የማይቆምበትን ምክንያት ለማየት ገበያውን በጣም ማቅለል ይጠቅማል። ወለድ የለም እንበል። አክሲዮኑም ውሉ በሚያበቃበት ቀን ከዛሬው ዋጋ ወይ 20 ዶላር ይጨምራል፣ ወይ 20 ዶላር ይቀንሳል፤ ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው። የውሉ ዋጋ አሁንም 100 ነው።

አክሲዮኑ ዛሬ 110 ከሆነ መጨረሻው 130 ወይም 90 ነው። 130 ሲሆን ኦፕሽኑ 30 ዶላር ያስገኛል፤ 90 ሲሆን ይጣላል፣ ምንም አያስገኝም። አማካዩ 15 ነው። አሁን በዚያው ቀን በ100 ለመግዛት ግዴታ የገባ ሌላ ሰው እናስብ። እሱ ወይ 30 ያተርፋል ወይ 10 ይከስራል፤ አማካዩ 10 ሲሆን ይህም ልክ ውስጣዊው ዋጋ ነው። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው የ5 ዶላር ልዩነት የመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ባለኦፕሽኑ «ይቅርብኝ» ብሎ የ10 ዶላሩን ኪሳራ ማምለጥ ይችላል፣ ይህም የሚያጋጥመው ከሁለት አንዴ ነው። የጊዜ ዋጋ የሚባለው ይኸው 5 ዶላር ነው።

አክሲዮኑ 90 ቢሆንስ? መጨረሻው 110 ወይም 70 ነው፤ ኦፕሽኑ 10 ወይም ዜሮ ይከፍላል፣ አማካዩ 5። እዚህ ላይ ውስጣዊ ዋጋ የለም፤ የዛሬው ውሳኔ «አልገዛም» ነውና። 5 ዶላሩ የተከፈለው ያ ውሳኔ ወደ «እገዛለሁ» ሊቀየር ለሚችልበት ዕድል ነው። 110 ላይ ደግሞ በተቃራኒው የዛሬው «እገዛለሁ» ወደ «አልገዛም» ሊዞር ይችላል። ስለዚህ የጊዜ ዋጋ በሁለቱም በኩል አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ቢወሰን የሚወሰደው አቋም እስከ ማብቂያው ቀን ድረስ ሊገለበጥ የሚችል መሆኑ የሚያወጣው ዋጋ።

ከዚህ ተነስቶ የጊዜ ዋጋ የት እንደሚበዛ መገመት ይቻላል። አክሲዮኑ ልክ 100 ላይ ሲሆን ውሳኔው በሚዛን ላይ ስለሆነ የጊዜ ዋጋው በዚህ ቀላል ገበያ 10 ዶላር ይደርሳል፤ መጨረሻው 120 ወይም 80፣ ክፍያው 20 ወይም ዜሮ ነውና። 120 ላይ ሲሆን ግን መጨረሻው 140 ወይም 100 ስለሚሆን የሚያመልጡት ኪሳራ የለም፤ ፕሪሚየሙ 20፣ ሁሉም ውስጣዊ ነው። 80 ላይ ደግሞ ተስፋው ጨርሶ ስለሌለ ኦፕሽኑ ዋጋ የለውም። በእውነተኛው ገበያ ነገሩ እንዲህ ድንገት ዜሮ ላይ አይወድቅም፣ ከውሉ ዋጋ በራቀ ቁጥር ቀስ እያለ ይሳሳል እንጂ።

የዋጋው መዋዠቅ ከ20 ወደ 40 ዶላር ቢያድግ፣ 100 ላይ ያለው ኦፕሽን ከ10 ወደ 20 ይወጣል። ቀኑ አልተጨመረም፤ የተጨመረው የመገልበጥ ስፋት ነው። ኩባንያዎች የሩብ ዓመት ውጤታቸውን ከማሳወቃቸው በፊት ፕሪሚየም የሚያብጠውና በማግሥቱ የሚሟሽሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ አክሲዮኑ ራሱ ትንሽ ጨምሮም ቢሆን። የቀናት ማለቅም የሚሠራው በዚሁ በኩል ነው። መዋዠቅ ከጊዜ ጋር እኩል አያድግም፣ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር እንጂ። ስለዚህ አክሲዮኑ ከውሉ ዋጋ ካልራቀና ሌላው ነገር ካልተለወጠ፣ አራት ወር ሲቀረው 10 ዶላር የነበረ የጊዜ ዋጋ አንድ ወር ሲቀረው 5 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያጠፉትን ያህል የመጨረሻው ወር ብቻውን ያጠፋል። በተግባር ወለድም ጥቂት ይጨምርበታል፤ 100 ዶላሩን ዘግይቶ የሚከፍል ሰው ገንዘቡ እስከዚያ ድረስ ባንክ ይሠራለታል።

ወደ መጀመሪያው ውል እንመለስ። ከሦስት ወር በኋላ አክሲዮኑ እዚያው 105 ላይ ቢገኝ ኦፕሽኑ የሚያወጣው 5 ዶላር ብቻ ነው። አክሲዮኑ አንድ ሳንቲም ሳይወርድ ገዢው ከ900 ዶላሩ 400 አጥቷል። 107 ቢደርስም 200 ዶላር ይከስራል፤ ወጪውን የሚመልሰው 109 ላይ ነው። ከዚህ የከፋው ስህተት ደግሞ ኦፕሽኑን በገዙ በሳምንቱ፣ አክሲዮኑ 105፣ ፕሪሚየሙም ወደ 9 የተጠጋ ሆኖ ሳለ መብቱን መጠቀም ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው የ500 ዶላር ጥቅም ብቻ ያገኛል፤ ኦፕሽኑን ራሱን ቢሸጠው ግን ወደ 900 የሚጠጋ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ከዚህ የሚወጣው ዋናው ጉዳይ የትርፍ ክፍፍል ነው፤ ክፍፍሉ የሚሰጠው ለባለአክሲዮን እንጂ ለባለኦፕሽን ስላልሆነ፣ የቀረው የጊዜ ዋጋ ከሚታጣው ክፍያ ካነሰ የመብቱ መብት ከሚያበቃበት ቀን በፊት አክሲዮኑን መውሰድ ሊያዋጣ ይችላል።

አንዳንዴ በስልክ ስክሪን ላይ ከውስጣዊ ዋጋው ያነሰ ፕሪሚየም ይታያል፤ አክሲዮኑ 140፣ የውሉ ዋጋ 100፣ የኦፕሽኑ «የመጨረሻ ዋጋ» ግን 37። ጀማሪ ይህን እንደ ሲሳይ ያየዋል። ብዙውን ጊዜ ግን 37 ከሰዓታት ወይም ከቀናት በፊት፣ አክሲዮኑ ገና 136 ወይም 137 ሳለ የተደረገ ሽያጭ ነው። መታየት ያለበት አሁን ሻጮች የሚጠይቁት ዋጋ ሲሆን፣ እሱም እንደ ደንቡ 40 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል።