ቁልፉ ከተረከቡ በኋላ ያለው ሥራ

ስለ ፕሮጀክት አስተዳደር የሚማር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጽፈው ማስታወሻ ይታወቃል። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው፤ መደበኛ ሥራ ሳይቋረጥ የሚደጋገም ነው፤ ፕሮግራም ደግሞ ለአንድ ዓላማ የተያያዙ ፕሮጀክቶች ናቸው። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ለፈተናም ይበቃል። ሦስቱ እውነተኛ ሥራ ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት ያን ያህል ቀላል አይደለም። ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. በከተማዋ ምዝገባ ሲካሄድ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ሌላ ምዝገባ ተደረገ፤ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት አማራጮችም ያኔ ጎን ለጎን ቀረቡ። 20/80 ማለት ተመዝጋቢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ሲያቀርብ ቀሪውን ባንክ በብድር ይሸፍናል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ለይተን እንውሰድ። እሱን መገንባት ፕሮጀክት ነው። ቦታው ይሰጣል፣ ውል ይፈረማል፣ መሠረቱ ይቆፈራል፣ ኮለኑና ስላቡ ይወጣል፣ በመጨረሻም ርክክብ ይደረጋል። ብልህ ተማሪ እዚህ ላይ ጥያቄ ያነሳል፤ ፕሮጀክት ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር የሚሠራበት ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ፕላን ይዘው በመቶዎች የሚቆጠሩ ብሎኮች ሲሠሩ አዲስነቱ የቱ ላይ ነው? መልሱ ከመሬቱ ሥር ነው። አንዱ ብሎክ ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ ሌላው ዝናብ ሲመታው የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ይቆማል። ስለዚህ የቁፋሮው ጥልቀትም ሆነ የመሠረቱ ወጪ አይመሳሰልም። ተቋራጩና የሚሠራበት ወቅትም ይለያያል። ፕላኑ የተደገመ ቢሆንም ሥራው አልተደገመም።

እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ደግሞ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት ያመርታሉ። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ይቀላቅላሉ፣ በማሽን ይመታሉ፣ ውሃ እያጠጡ ያደርቃሉ፤ ነገም ያንኑ ይደግማሉ። የእነሱ መደበኛ ሥራ ነው። የሚለካውም የዛሬው ብሎኬት ከትናንቱ ባለመለየቱ ነው፤ በየቀኑ ቅልቅሉን የሚቀይር አምራች ችግር ይፈጥራል እንጂ አዲስ ነገር ፈጠረ አይባልም። የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ግን የሚመሰገነው ሁኔታው ሲለወጥ ዕቅዱን አብሮ በማስተካከሉ ነው። አንድ አጥር ውስጥ ያሉት ሁለት ሥራዎች የሚፈልጉት ጠባይ እንኳ አንድ አይደለም።

ፕሮግራሙ ከብሎኩ በላይ ይመለከታል። የቤቶች ልማቱ ዓላማ ግድግዳ ማቆም ብቻ አልነበረም፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የቤት ባለቤት እንዲሆን፣ ወጣቶች ሥራ እንዲያገኙ፣ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲደርስ ጭምር ታስቦ ነበር። ይህ በአንድ ተቋራጭ አይሳካም። ብሎኩን አንዱ ይሠራል፣ መንገዱን ሌላው፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ መብራቱን ደግሞ ሌላ። ብድሩም በባንክ በኩል ይሄዳል። ብዙ የኮንዶሚኒየም ዕድለኞች ከዕጣ በኋላ የገጠማቸውን አስታውሱ፤ ቤቱ ቆሟል፣ ቁልፉም በእጅ ገብቷል፣ ውሃና መብራት ግን የለም። የተቋራጩ ፕሮጀክት ተጠናቋል፣ ክፍያውም ተፈጽሟል። ነዋሪው ግን አልገባም፤ ፕሮግራሙ ስለዚህ ገና አልተሳካም። የፕሮግራም መሪ ዋና ጭንቀት አንዱ ብሎክ በሁለት ሳምንት መዘግየቱ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ ከብሎኩ ስድስት ወር ዘግይቶ እንዳይመጣ ነው። በእኔ እይታ ብዙ መጻሕፍት ፕሮግራምን «ትልቅ ፕሮጀክት» አስመስለው ማቅረባቸው ተማሪን ያሳስታል። ልዩነቱ የመጠን ሳይሆን የተጠያቂነት ነው፤ አንዱ ስለ ሕንፃው ይጠየቃል፣ ሌላው ሰው በሕንፃው ውስጥ ስለመኖሩ።

ርክክብም ቢሆን በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ከዚያ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት በሚቆየው የዋስትና ጊዜ ውስጥ፣ ጣራው ቢያፈስ ወይም ልስኑ ቢረግፍ ተቋራጩ ተመልሶ ያስተካክላል፤ ከክፍያው የተያዘበት ገንዘብም እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይለቀቅለትም። ከዚያ ወዲያ ግን ሕንፃው የነዋሪው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅም የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደሩን ኃላፊነት ለነዋሪዎች ማኅበር ይሰጣል። የጥበቃ ደመወዝ፣ የደረጃ መብራት፣ ጽዳት፣ ሲሞላ የሚመጠጥ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ሁሉም መደበኛ ሥራ ሆኖ ኮሚቴው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ኮሚቴው ራሱ ፕሮጀክት የሚጀምርበት ቀንም ይመጣል። 40 አባወራ ያለበት ብሎክ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ነው እንበል። ስብሰባ ተጠርቶ እያንዳንዱ ቤት 8,000 ብር እንዲያዋጣ ተወሰነ፤ 320,000 ብር ተሰበሰበ። በዚህ ገንዘብ አንድ ሮቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሌላ ሮቶ ጣራ ላይ ወጣ፣ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ተገዛ፣ ቧንቧው ተዘረጋ። በሁለት ወር ውስጥ አራተኛ ፎቅ ያሉት እናቶች ጀሪካን መሸከም አቆሙ። ፕሮጀክቱ በጊዜውና በበጀቱ አልቋል።

በአምስተኛው ወር ፓምፑ ተቃጠለ። የታችኛው ሮቶ ባዶ በነበረበት ሌሊት ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር አደረ። በባዶው የሚዞር ፓምፕ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ስለሌለ ይግላል፣ መጀመሪያ ማተሚያው ይበላሻል፣ ችላ ከተባለ ሞተሩ ይከተላል። ውሃው ሲጎድል ኃይሉን የሚቆርጥ ፍሎተር ቢገጠም ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፤ ያ የፕሮጀክቱ ጉድለት ነው። ማን እንደሚያበራው፣ ማን እንደሚያጠፋው፣ የቆጣሪውን ማን እንደሚከፍል አለመወሰኑ ግን ሌላ ጉድለት ነው። ሲያዋጡ ማንም ስለ ወርሃዊው ወጪ አልጠየቀም።

ሒሳቡ ከባድ አልነበረም። እያንዳንዱ ቤት በወር 150 ብር ቢከፍል 6,000 ብር ይገኛል። ከዚህ ውስጥ 4,000 ብር ለመብራት፣ ሮቶዎቹን ለማጠብና ፓምፑን ለሚቆጣጠረው ጥበቃ ተጨማሪ ክፍያ ሊውል ይችላል። የተረፈው 2,000 ብር ቢቀመጥ፣ 36,000 ብር የተገዛን ፓምፕ በ18 ወር ውስጥ መተካት ያስችላል። በአምስተኛው ወር 10,000 ብር ብቻ ተጠራቅሞ ስለሚገኝ አዲስ ፓምፕ አይገዛም፤ ማተሚያውን አስቀይሮ ሞተሩን ለማስጠገን ግን መነሻ ይሆናል።

ሁለቱ ገንዘቦች ሲቀላቀሉ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለጥበቃ የተሰበሰበው ለጣራ ጥገና ይወጣል፤ በወሩ መጨረሻ ጥበቃው ደመወዙን ያጣል፤ ነዋሪው «ገንዘባችን የት ገባ?» እያለ ኮሚቴውን ይከሳል። ብዙ ጊዜ የተሰረቀ ነገር የለም። አንድ ጊዜ የሚያልቀው ወጪና በየወሩ የሚመለሰው ወጪ በአንድ ደብተር፣ በአንድ ዓምድ ተጽፈዋል።