ከ«አምሮብሻል» ወዲያ

ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ባልደረባችን አዲስ ሹሩባ ተሠርታ መጣች። እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ በጠረጴዛዋ በኩል ያለፈ ሁሉ «አምሮብሻል» አላት። እኔም ብያታለሁ። እውነትም አምሮባት ነበር።

ማክሰኞ ማታ የወሩ ሒሳብ ከባንኩ መግለጫ ጋር አልገጥም አለ። ልዩነቱ 900 ብር ነው። ከተቀጠረ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ሦስት ጊዜ ደምሮ ሦስቴም ያው ሆነበት፤ ላብ ላብ አለው። እሷ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል አየችው። ቦርሳውን መልሳ አስቀመጠችና ወንበር ስባ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ልዩነቱን ለ9 አካፍለው» አለችው። አካፈለው፤ ያለ ቀሪ 100 ሆነ።

«እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ነው። እስቲ አንተው ፈልገው።»

ልጁ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቆየና 5,400 ብር የሚለውን 4,500 ብሎ መዝግቦት አገኘው። ፊቱ በራ። በማግስቱ ኃላፊያችን «ትናንት ምን ሆናችሁ አመሻችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «አንድ ቁጥር ስናጣራ ነው፤ ተስተካክሏል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የልጁን ስም አላነሳችም።

ሹሩባውን ያላደነቀ አልነበረም። ለዚህኛው ግን አንድም ሰው ምንም አላላትም። እኔም ልንገራት ብዬ ሳስብ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

አፌ ላይ የመጡትን ቃላት አንድ በአንድ መዘንኳቸው። «ጎበዝ ነሽ» ፈተና ላለፈ ተማሪም፣ ምግቡን ለጨረሰ ሕፃንም ይባላል። «ጥሩ ሰው ነሽ» ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ሰሚው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። «አንቺ እኮ መልአክ ነሽ» ደግሞ ከልኩ አለፈ። መልአክ እንዳልሆነች ራሷ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከሙገሳው ውስጥ እውነት የሆነውንም ክፍል አብራ ትጥለዋለች። ሽንገላ የሚመስለን ውዳሴ ብዙውን ጊዜ ውሸት ሆኖ ሳይሆን ልክ አጥቶ ነው።

መልክን ማድነቅ የሚቀለው ማስረጃው ከፊታችን ስለሆነ ነው። ሹሩባው ይታያል፤ እሷም ከቤት ስትወጣ በመስታወት አይታዋለች። ጠባይ ግን በመስታወት አይታይም። ስለዚህ የሰውን ጠባይ የሚያመሰግን ሰው እንደ ምስክር መናገር አለበት፦ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳየ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን አገኘኋትና እንዲህ አልኳት፦ «ማክሰኞ ማታ ከልጁ ጋር ስትቀመጪ አይቻለሁ። ስህተቱን ራስሽ በአምስት ደቂቃ ልታወጪው ትችዪ ነበር፤ እሱ እንዲያገኘው ተውሽለት። ጠዋትም ስሙን አላነሳሽም። ሰው እንዳያፍር የምትጠነቀቂ ሰው ነሽ።»

ከዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይመስለኛል። ጠባይ የሚታየው ሰው ሌላ መንገድ እያለው በመረጠው መንገድ ነው። ቶሎ ጨርሳ ቤቷ መግባት ትችል ነበር፤ አልመረጠችም። ያን ምርጫ ስጠራው፣ በመጨረሻ የመጣው ስለ እሷ ያልኩት ቃል የሚቆምበት መሠረት አገኘ። ቅደም ተከተሉም ቁም ነገር አለው። መጀመሪያ «ሰው አክባሪ ነሽ» ብዬ ብጀምር ኖሮ፣ ማስረጃው ሳይደርስ እሷ ማስተባበል ትጀምር ነበር።

ቦታውንም አስቤበታለሁ። ብዙ ሙገሳ በሰው ፊት ቢባል ያምራል፤ ይሄኛው ግን በሰው ፊት ቢባል እሷ የሸፈነችውን የልጁን ስህተት እኔ እገልጠው ነበር።

«ድርጊቱን ማመስገን አይበቃም ወይ? ስለ ሰውየው መናገር ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ጆአን ግሩሴክና ኤሪካ ሬድለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጉዳይ ይነካል። ልጆች ካገኙት ላይ ለሌሎች እንዲያካፍሉ ተደረገ። ከዚያ ለአንዳንዶቹ «ማካፈልህ መልካም ነው» ተባሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «አንተ ሌላውን መርዳት የምትወድ ልጅ ነህ» ተባሉ። 8 ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች፣ ስለ ማንነታቸው የተነገራቸው፣ በኋላ ሌላ የመርዳት አጋጣሚ ሲመጣ ይበልጥ ለጋሶች ሆነው ተገኙ። ከ5 እስከ 6 ዓመት ባሉት ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም፤ ምናልባት በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ራሱን «እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» ብሎ ማሰብ ገና ስላልጠነከረበት ይሆናል። እንግዲህ ድርጊቱ ማስረጃ ነው፤ የጠባዩ ስም ደግሞ ሰውየው ይዞት የሚሄደው ነው። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው የሚሠሩት።

የጠባዩን ስም ስንመርጥ አማርኛችን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የዋህ» በቅዱሳን ዘንድ ታላቅ ማዕርግ ነው፤ ለጎልማሳ ሰው ግን «በቀላሉ የሚታለል» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። «ገራገር»ም እንዲሁ። «ብልጥ» ስንል አንዳንዱ «ለራሱ የሚያደላ» ብሎ ይሰማል፤ ማለት የፈለግነው «ብልህ» ወይም «አስተዋይ» ሊሆን ይችላል። የተጠራጠረ ሰው ቃሉን ትቶ እንደ እኔ ዘርዝሮ ቢናገር ይሻላል፦ «ቃሉን የማያጥፍ»፣ «የሰው ነውር የሚሸፍን»፣ «ተናድዶ እንኳ የማይሳደብ»።

ለታላቅ ሰው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ልጅ የሆነ ሰው ጋሽዬን «እርስዎ ታጋሽ ነዎት» ቢላቸው፣ ሊመዝናቸው የተቀመጠ ይመስላል። በእኛ ወግ ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ግምገማ ሳይሆን ምስጋና ነው። «ያን ቀን ሰውየው ሲጮህብዎ ድምፅዎን ሳያነሡ ሲመልሱለት ቆሜ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔም ስናደድ እርስዎን አስባለሁ» ቢላቸው ግን ያንኑ ትዕግሥት አወሳ፤ ራሱን ደግሞ ተማሪ አደረገ። እሳቸውም «ተባረክ» ብለው ይቀበሉታል።

አንድ ነገር ሁሉንም ያበላሻል፤ ከሙገሳው በኋላ ጥያቄ ማስከተል። «አንቺ እኮ ሰው አክባሪ ነሽ፤ እንዲያው ቅዳሜ ትተኪኝ ነበር?» ከተባለ፣ ምስክርነቱ የእጅ መንሻ ሆኖ ቀረ። ማስቸገር ካለብን ሌላ ቀን እናስቸግር።

«ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» ይባላል። ይሁን እንጂ አባባሉ አለመቻላችንን አያሳይም። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያዳመጠ ያውቃል፤ ሟች የትኛውን ጎረቤት እንዳስታመመች፣ የማንን ልጅ እንዳሳደገች በስም፣ በቦታ፣ በዓመት ይነገራል። ስለ መልኳ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ እንዴት እንደሚመሰከር እናውቃለን፤ የምንዘገየው በሰዓቱ ነው።

ባልደረባዬ ስነግራት መጀመሪያ «ኧረ፣ ምን አደረግኩና!» አለች። ይሄ የወጉ መልስ ነው፤ «አይ፣ አድርገሻል» ብዬ አልተከራከርኩም። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና፣ «እኔም ስጀምር እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርቼ በሰው ፊት ተነግሮብኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «የሚያየኝ ያለ አልመሰለኝም ነበር።»