ፊደላችን ለምን ባዶ ሳጥን ይሆናል?

ከጎሬ ወይም ከቡሬ በፍላሽ የመጣ የአማርኛ ጽሑፍ መቱ ላይ ሲከፈት ገጹ በባዶ ሳጥን ተሞልቶ መታየቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ወዲያው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባልና ጸሐፊው እንደገና እንዲጽፈው ይላክበታል። እኛ ግን እንላለን፤ የታየው ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው። የሚያስፈራው ሌላ ምልክት ነው፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በመልኩ ሳይሆን በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል ከ1200 እስከ 137F ያለውን ተራ ሰጥቶታል። (አቆጣጠሩ በአሥራ ስድስት ስለሆነ ከቁጥሮቹ መካከል F ቢገባ አይግረማችሁ።) በዚህ ተራ ውስጥ «መ» 1218፣ «ቱ» ደግሞ 1271 ነው። ስለዚህ «መቱ» ብለን ስንጽፍ ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ቁጥሩን አይቶ መልኩን የሚሥለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ለ1218 የተዘጋጀ መልክ ከሌለው፣ ኮምፒዩተሩ «እዚህ ቦታ አንድ ፊደል አለ፣ መልኩን ግን አላውቀውም» ለማለት ሳጥን ይሥላል።

ታዲያ ፊደሉ በሕይወት መኖሩ በምን ይታወቃል? ጽሑፉን በዎርድ ከፍቶ ጠቋሚውን ከአንዱ ሳጥን ኋላ ማቆምና `Alt+X` መጫን ነው። ሳጥኑ ወደ ቁጥሩ ይለወጣል። 1218 ብሎ ከመጣ «መ» አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ብንጫን ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት አልነበረውም። Nyala የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 መጣ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ግዕዙን የያዘው Ebrima ሲሆን፣ Nyala ተፈልጎ የሚጨመር ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ ሳጥን የሚታየው በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ወይም ደግሞ የራሱ ፎንት መልኩን ሲያጣ ሌላ ፎንት መፈለግ በማያውቅ ፕሮግራም ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚሸፍነው ሌላም ምክንያት አለ። የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል ስለሆነ ግዕዝ የሌለው ኮምፒዩተር ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል። ጉድለቱ የሚታወቀው አንድ ቀን የአማርኛ ደብዳቤ ሲመጣበት ነው!

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኢንተርኔትም የግድ አያስፈልገውም። Abyssinica SIL የተባለውን ነጻ ፎንት በፍላሽ ይዞ፣ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Install` ማለት ይበቃል። ፈቃዱ ማባዛትን ስለሚፈቅድ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ማዋስም ይቻላል። ላኪው አስቀድሞ ማሰብ ከፈለገ ጽሑፉን ፎንቱን ባቀፈ ፒዲኤፍ ይላከው፤ ተቀባዩ ፎንት ባይኖረውም ያነበዋል።

ሳጥን ሳይሆን `áˆ˜á‰±` የሚል ነገር ከመጣስ? ይህ «መቱ» ነው! ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ «መ» `E1 88 98` ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን እንደ ሦስት የላቲን ምልክቶች ሲያነባቸው `á` እየተደጋገመ ይመጣል። ይህ በብዛት የሚደርሰው በሲኤስቪ ፋይል የተቀመጠ የተማሪዎች ስም ዝርዝር በኤክሴል ሁለቴ ጠቅ ተደርጎ ሲከፈት ነው። እዚህ ላይ ፎንት መጫን ምንም አይጠቅምም። ኤክሴልን ባዶውን ከፍቶ በ`Data` ሥር `From Text/CSV` ማለት፣ `File Origin` በሚለው ቦታም `65001: Unicode (UTF-8)` መምረጥ ነው። ስሞቹ ይመለሳሉ።

የማይመለሰው `??` ነው። የስም ዝርዝሩን ከኤክሴል `CSV (Comma delimited)` ብለን ካስቀመጥነው፣ ያ አጻጻፍ ለግዕዝ ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። በ`Alt+X` ብንመረምረው የምናገኘው 003F ነው፤ ይህም የራሱ የጥያቄ ምልክቱ ቁጥር ነው። 1218 የሚባል ነገር በፋይሉ ውስጥ የለም። አርባ ተማሪ ያለበት ክፍል ስም እንዲህ ከተቀመጠ፣ የቀድሞው ቅጂ ከሌለ በቀር ከመዝገብ እንደገና መጻፍ ነው፤ ምን ይደረግ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለው `CSV UTF-8 (Comma delimited)` የሚለው ምርጫ ግን ፊደሉን እንዳለ ያስቀምጠዋል። ሁለቱ ስማቸው ስለሚመሳሰል ከመጫን በፊት `UTF-8` የሚለው መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ካስቀመጡም በኋላ የመጀመሪያውን ፋይል ሳያጠፉ አዲሱን ከፍቶ ማየት ነው።